«ማን ሰረቀው?» ብዬ የጻፍኩት ጥያቄ

በቢቸና ከተማ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ የእኔን ያህል ያነበበ ሰው የለም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ፣ ጉራዬን ሥራዬ ይሸከመዋል። ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቤቴን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ተማሪዎች ጥለውት ከሄዱት መጽሐፍ ለብቻዬ ተማርኩት። ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም ከዳር እስከ ዳር ጨርሻለሁ። የተማረ ሰው ሲሳሳት ብሰማ አላልፈውም፤ እዚያው አርመዋለሁ። ለልጆች ታሪክ መጻፍ የጀመርኩትም የሚጽፍላቸው ሰው አጥቼ ነው።

የጠፋውን ምሳ ታሪክ የጻፍኩት የሳይንስን ዘዴ ላስተምርበት ነበር። የአንድ ልጅ ምሳ ከክፍል ይጠፋል። ጓደኞቹ ያስተውላሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መላ ምት ያስቀምጣሉ፣ ይፈትኑታል፣ ያገኙትን ይመዘግባሉ፣ በመጨረሻም ይደመድማሉ። ሌባው በአጥር ቀዳዳ የገባ ውሻ ሆኖ ይገኛል።

ረቂቁን ሞጣ ላለች የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አባባ፣ ታሪኩ ግሩም ነው። ጥያቄው ላይ ግን እንቅፋት አለ።»

«ምን እንቅፋት?»

«‹ምሳውን ማን ሰረቀው?› ብለዋል። መሰረቁን በምን አወቁ? ‹ምሳው የት ደረሰ?› ቢባልስ?»

«ልጄ፣ ሌባ የሌለበትን ታሪክ ማን ያነበዋል?» አልኳት። አንድ ቃል አልነካሁም።

ታሪኩን ለተማሪዎቿ እንዳነብላቸው ስትጠራኝ በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ጠዋት አነበብኩ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። በምሳ ሰዓት መምህርቷ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ስትሄድ እኔ ከልጆቹ ጋር ቀረሁ። ወዲያው አንድ ልጅ ቦርሳውን ገልብጦ፣ «ምሳዬ የለም!» ብሎ ጮኸ።

«ታሪኩ መጣ! ማን ሰረቀው?» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። «በሉ ሳይንቲስቶች፣ ጀምሩ!» አልኳቸው።

አንዱ ብድግ አለ። «መላ ምት! እሷ ናት። ምሳ ይዛ መጥታ አታውቅም።»

የጠቆማት ከገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር ልጅ ነበረች።

«ይፈተን! ምሳው ሽሮ ነበር፤ እጇ ይሸተት!»

አሸተቱት። «ሽሮ ሽሮ ይላል!»

«ጠዋት ቤት በልቼ ነው» አለች።

«እጅሽ መሰከረ እኮ! አባባ፣ እንደምድም?»

«ቆዩ!» አልኳቸው። የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ሳቁ። በዱላዬ ወለሉን መታሁ፤ ባሰባቸው። በመጨረሻ፣ «የሁላችሁም እጅ ይሸተት!» ብዬ ጮህኩ። ይህን ሰሙኝ። የከሳሹ እጅ ሽሮ ይሸታል። የጎረቤቱም ይሸታል። ምሳው የጠፋበት ልጅም ጠዋት በልቶ ነበርና የእሱም ይሸታል። ወሰደም አልወሰደም ሁሉም እኩል ከሸተተ፣ ፈተናው ምንም አልፈተነም። ይህን ላስረዳቸው ስዞር የልጅቷ ቦታ ባዶ ነበር። እኔ በደከመ ጉልበቴ በሩ ላይ ስደርስ የግቢውን በር አልፋለች።

ብዙም ሳይቆይ የልጁ እናት ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዛ መጣች። «ይሄ ዝንጉ! ምሳውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሄዷል እኮ!»

መምህርቷ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ወደ እኔ አላየችም። ልጆቹን ብቻ ጠየቀች። «ጠዋት ምሳው ቦርሳው ውስጥ ገብቶ እንደነበር ያረጋገጠ አለ?» አንድም አልነበረም። ማስተዋሉን ዘለን ነው ወደ ሌባው የሮጥነው። ያዘለለንም የእኔ ጥያቄ ነው።

እዚያው ሞጣ አደርኩ፤ በማግስቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከመምህርቷ ጋር አክስቷ ቤት ሄድን።

«ባለ ታሪኩ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ አክስቷ። እንድቀመጥ አላለችኝም።

«እኔ ነኝ። ልጅቷ ንጹሕ ናት፤ ምሳው ቤት ተገኝቷል።»

«ንጹሕ መሆኗን እኔ መች አጣሁት?»

ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞሬ፣ «ልጄ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም።

«ምሳው መገኘቱን ሰምቻለሁ» አለች ከውስጥ። «ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኙኝ ግን ‹ሌቢት፣ እጅሽን እስኪ› ነው ያሉኝ።»

አክስቷ ወደ እናቷ አገር ወደ ጉንደ ወይን ልትመልሳት እንደሆነ ነገረችን። መምህርቷ ለመነቻት፤ እኔም ለመንኩ። አክስቷ ግን እሺ አላለችም። ልጅቷ ሄደች።

የቻልኩት ይህን ነው፦

ጥያቄውን ሰርዤ «ምሳው የት ደረሰ?» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥያቄው በፊት ልጆቹ ቦርሳውን፣ መንገዱንና ቤቱን የሚያዩበትን አንድ ገጽ ጨመርኩ።

የእጅ ማሽተቱንም አስገባሁት፤ የሁሉም እጅ ሲሸት ልጆቹ መላ ምታቸውን ይጥላሉ።

ውሻውን አወጣሁት፤ ምሳው ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ሞጣ ተመልሼ በዚያው ክፍል ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ሦስት ልጆች አለቀሱ።

መምህርቷ የልጅቷን ስም ከመዝገቡ እንዳትሰርዝ አስማልኳት።

ልጅቷ የምትመለስ ከሆነ እንድትነግረኝ ለአክስቷ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት። እስካሁን አልደወለችም።