አፈር የለበሰው መሠረት

ከጎባው የግንባታ መሥሪያ ቤት የተላከልኝን ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና ሁለቱን ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ገሰራ ላይ የምሠራውን ጤና ጣቢያ በውሉ ቀን ስላላስረከብኩ፣ ሁለቴ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኝም ስላላፋጠንኩ፣ ውሌ ተቋርጧል ይላል። እስካሁን የተሠራው ተለክቶ፣ የወሰድኩት ቅድሚያ ክፍያና የመዘግየት መቀጫው ተቀንሶ የቀረው ይከፈለኛል።

መዘግየት! ያኔ ስሚንቶ ያለ ማዘዣ አይገኝም። ማዘዣውን የሚጽፈው ማን ነው? ይኸው ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ። ሁለት ወር ሙሉ በራቸው ላይ ተገትሬ "ጓድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ሲሉኝ ከረሙ።

የባሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። የድንጋይ መሠረቱ ጥልቀት አንድ ሜትር ተብሏል። ፕላኑ ላይ አዎ፣ አንድ ነው። ግን ቦታው ኮትቻ ነው፤ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር አፈር። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቆፍር ያለኝ የራሳቸው ተቆጣጣሪ ነው። ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አገኘነው። ግንቡ ሲያልቅ ዝናብ እየመጣ ነበርና ለክተን እንፈራረም አልኩት። "ሙላው፣ አይቼዋለሁ" አለኝ። ሞላሁት። ዕድሜዬን ሙሉ በቃል ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው አይቼዋለሁ ካለ የሚበቃ መስሎኝ።

ጎባ ሄድኩ። ተቆጣጣሪው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ፣ አላስታውስም አለ። ከዚያ ግንብ ግማሹ ሳይከፈለኝ ሊቀር ነው፤ ግንበኞቼ ደግሞ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጠው ደሞዛቸውን ይጠብቃሉ። የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነው፣ ነገሩን ሰምቶ፣

"አባባ፣ ያልተፈረመበትን ሥራ በምን ልጻፈው?" አለኝ።

"በዓይንህ። ሦስት ቦታ በራሴ ወጪ አስቆፍራለሁ፤ ና ግባበት።"

መጣ። ግንበኞቼ ያለ ደሞዝ፣ እየተራገሙ ቆፈሩ። አንደኛው፣ ውስጥ ሆኖ በኦሮምኛ፣ "ኦቦ፣ እዚሁ ቅበሩንና ከግንቡ ጋር አብረን እንለካ" አለ፤ መሐንዲሱም ሳቀ። ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደና ሜትሩን ራሱ ያዘ። ሦስቱም ጉድጓድ እኔ ያልኩትን አወጣ። የልኬቱን ወረቀት እዚያው ጭኑ ላይ ጻፈው፤ ፈረመ፣ ፈረምኩ። ተቆጣጣሪው አልተገኘም።

የክፍያው ደብዳቤ ታረመ። መቀጫው ግን አልተነሳም። የስሚንቶው ነገር እንዲጻፍልኝ ብጠይቅ ኃላፊው፣ "መሬት ውስጥ ያለውን ለካንልህ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?" አለኝ።

ገንዘቡን ተቀብዬ ለግንበኞቹ አካፈልኩ። ጤና ጣቢያውን ሌላ ሰው ጨረሰው። ስሚንቶ በሳምንቱ ደረሰለት።