ከባንክ የሚለቅ ሰው

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጃችን በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «ዛሬ ደህና ለብሰሻል፤ እንግዳ አለብሽ እንዴ?» አሉኝ።

የለበስኩት በሳምንት ሁለቴ የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ልብሴ አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። «ኧረ የለብኝም» ብዬ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን ወዲያው አልሄዱም፤ ካጎነበስኩበት ጫማቸው ይታየኝ ነበር።

ሥራዬ ደንበኞች ያመጡትን ቼክ መቀበልና ፊርማውን ባንኩ በያዘው ካርድ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሰውን መጠርጠር ግዴታ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ጥርጣሬው ቤት ድረስ ይከተላል። ያን ቀን ደግሞ የምጠረጥርበት ምክንያት ነበረኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሌላ ባንክ አጋሮ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሠራተኛ እየፈለገ ነበር፤ እኔም ለብድር ክፍል አመልክቼ፣ በዚያው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ሆቴል ውስጥ ለጥያቄ ተጠርቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አስቀድመው ከሰሙና ሥራውም ካልተገኘ፣ በሁለቱም በኩል ማጣቴ ነው። ታማኝነቱ የተጠረጠረ ጸሐፊ የሚመደበው ከባንኩ ጀርባ ባለው የመዝገብ ክፍል ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ የወጣ አላየሁም።

ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ዋና ገንዘብ ያዣችን ሲሆኑ ሌላው የሥራ ዋስ የሆኑኝ ሰው ናቸው። ዋሴ የአባቴ የድሮ ጎረቤት፣ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ያለ ዋስ ሰው የሚቀጥር ባንክ የለምና ለአሁኑም ሥራ የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ ለአዲሱም እንዲፈርሙልኝ እሑድ መልእክት ልኬባቸው ነበር።

እሳቸውን ከቁጥር አላስገባኋቸውም። የጠረጠርኩት ገንዘብ ያዡን ነው።

ገንዘብ ያዡ ቀድሞ በዋናው መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ቅጥር ክፍል ሠርተዋል። መልሱን ያስጠኑኝም እሳቸው ነበሩ። «ከሁሉ የሚከብደው፣ ከያዝሽው ሥራ ለምን ትለቂያለሽ የሚለው ነው» አሉኝ። «ያለሽበትን ቤት አትውቀሺ። መጀመሪያ የተማርሽበትን ተናገሪ። ቀጥሎ ልትደርሺበት የምትፈልጊውን፣ ከዚያ እነሱ ዘንድ ለምን እንደመጣሽ። ደመወዝ እነሱ ካላነሱ አታንሺ። አጭር ይሁን፤ ስትጨርሺ ዝም በይ። መቼም ዝም ማለቱ አንቺን አይቸግርሽም።»

አብረን የጻፍነው እንዲህ ይል ነበር፦

«ባለሁበት ባንክ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጥንቃቄንና የደንበኛ አያያዝን ተምሬበታለሁ። አሁን ወደ ብድር ሥራ ማደግ እፈልጋለሁ፤ ባለሁበት ክፍል ግን ከዚህ በላይ የሚያሳድግ ቦታ የለም። የእናንተ ቅርንጫፍ ለቡና ነጋዴዎች ለማበደር እንደሚከፈት ስለሰማሁ፣ ሥራውን ከመሠረቱ ለመማር መጣሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ከሄዱ በኋላ ወደ ገንዘብ ያዡ መስኮት ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ ለሰው ተናግረዋል?»

«ምኑን?»

«የማታውን።»

«እኔ እዚህ ቀፎ ውስጥ ተቆልፌ ለማን ልናገር? ሂጂ፣ ሰው ያየናል።»

መልሳቸው አላሳመነኝም። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ወረቀቱን በመሳቢያው ውስጥ እንዳለ አነበብኩት። «የሚያሳድግ ቦታ የለም» የምትለዋ ሐረግ ሆነ ተብላ የገባች መሰለኝ። ጠያቂዎቹ ለሥራ አስኪያጁ ቢያወሩ፣ ቤቱን ሰደበች ይባላል። ገንዘብ ያዡ የእህታቸውን ልጅ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡ ይፈልጋሉ ብዬም አሰብኩ። የእህት ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

በምሳ ሰዓት ዋሴ ሱቅ ሄድኩ። ሒርማታ ገበያ ጠርዝ ላይ ነበር፤ በሩን ከሸቤ የመጣ ቡና ዘግቶት፣ በጆንያዎቹ መካከል በጎን ነው የሚገባው። ዋሴ የዋስትናውን ወረቀት ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት እንጂ አልፈረሙበትም።

«ዛሬ ጠዋት አለቃሽ ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉ።

«ምን ሊያደርጉ፣ አባባ?»

«ምን ላደርግ? ዋስሽ ነኝ። ከባንክ የሚለቅ ሰው ወይ አጥፍቷል ወይ ተጣልቷል። ልጄ ያበላሸችው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አልሐምዱሊላህ፣ የለም አሉኝ።»

«ልለቅ መሆኔን ነገሯቸው?»

«ታዲያ ሳልነግር እንዴት እጠይቃለሁ?» ከልባቸው ተገርመው አዩኝ። በእሳቸው ቤት የዋስ ወጉ ይህ ነበር፤ ሰው ከመልቀቁ በፊት ዋሱ ቀድሞ ሄዶ ስሙን ያጣራል። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ስንት ነገር ስመረምር ይህን አላሰብኩትም።

«አሁን ደግሞ አንቺ ንገሪኝ» አሉ። «ለምን ትለቂያለሽ?»

የተጠናውን መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ይኸ የጽሕፈት መኪና ቃል ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የታለሽበት?»

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። ሥራውን ያስተማርኳቸው ሁለት ወንዶች ወደ ብድር ክፍል አለፉ። እኔ ስጠይቅ፣ ብድር ክፍል ገጠር ያስወጣል፣ ለሴት አይሆንም ተባልኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግን ይህንኑ ነው። ፊርማውን ሳይሆን ሰውየውንና ቡናውን አይቼ ይበደር ወይስ አይበደር ማለት እፈልጋለሁ።

«ለዚህ እፈርማለሁ» አሉና ፈረሙ። «ገጠሩ ላይ ጭቃ አለ ግን፤ ይህን ጫማ እዚሁ ተዪው።»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ከክፍላቸው አልወጡም። ስልካቸው ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ። ገንዘብ ያዡን በስህተት በመጠርጠሬ ላፍር ሲገባኝ፣ ስልኩ ላይ ያለው ማን ይሆን እያልኩ ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሆቴል ደረስኩ። ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የአጋሮው ቅርንጫፍ ኃላፊ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ። ኃላፊው ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ።

«አለቃሽን ዛሬ አነጋግረናል። ጨዋና ዝምተኛ ናት፣ ከማንም አትጣላም አሉን። እንዲህ ከሆነ ለምን ትለቂያለሽ?»

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። «ባለሁበት ባንክ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጥንቃቄን ተምሬበታለሁ፤ ቅሬታ ይዤ አልወጣም። ማደግ የምፈልገው ወደ ብድር ሥራ ነው። ያስተማርኳቸው ሁለት ባልደረቦች እዚያ ደርሰዋል፤ ሥራውን እንደምችል በእነሱ አውቄአለሁ። በእኛ ቤት ግን ሴት ገጠር ወጥታ ቡና አትመረምርም። እናንተ ገና ስትጀምሩ ስለሆነ፣ አብሬ ልጀምር ብዬ መጣሁ።» ዝም አልኩ።

ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሸቤ በክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ በበቅሎ ነው የሚኬደው። ትችያለሽ?»

«በበቅሎ ሄጄ አላውቅም። እለምዳለሁ።»

ሁለቱ ተያዩ። አተያያቸውን አልወደድኩትም፤ የሚስቁብኝ መሰለኝ። ከዚያ ኃላፊው፣ «በእኛ በኩል ተቀብለንሻል» አሉ። «የሌላ ባንክ ሠራተኛ ግን በድብቅ አንወስድም። መሥሪያ ቤትሽ ሊለቅሽ ፈቃደኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት አምጪ። አለዚያ ሌላ ሰው አለን።»

ሌላ ሰው መኖሩን አላመንኩም። ሥራ አስኪያጁ እንደማይጽፉልኝ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በሩ ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት፣ ክፍላቸውን አንኳኩቼ ገባሁ። ሳይጠይቁኝ ሆቴል ያልኩትን ሁሉ፣ ስለ ሁለቱ ባልደረቦችም ጭምር፣ ቃል በቃል ደገምኩላቸው። የፈቃዱን ደብዳቤ ጠየቅኋቸውና፣ አንድ ወር ሠርቼ ሥራዬን በደንብ እንደማስረክብ ጨመርኩ።

«ይህን ሁሉ ለእኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎን አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። አይሆንም አሉኝ።»

ወረቀት ስበው ደብዳቤውን በገዛ እጃቸው ጻፉ፣ ማኅተም አደረጉና ቀና ብለው ሳያዩኝ አቀበሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ፣ በመስመሮቹ መካከል የተደበቀ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አላገኘሁም። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ተውኩትና ጋሪ አስቁሜ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ።