የሰኞው ቼክ

ረቢአ ባሏ ዓብዱ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዳቦ ነው። መጀመሪያ ከሌላ ሰው ዳቦ ቤት እየተረከበች ከሚሴ መናኸሪያ በር ላይ በቅርጫት ትሸጥ ነበር። ቀስ በቀስ ቤት ተከራየች፤ ምድጃና ማቡኪያ ማሽን ገዛች፤ በድሩ የሚባል ጥሩ ጋጋሪ ቀጠረች። ዱቄቱን ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ የምታመጣው ኮምቦልቻ መጋዘን ካላቸው ከሀጂ ሙሀመድኑር ነው። ሀጂ ሃያ አምስት ኩንታል በአንድ ጊዜ ይጭኑላታል፤ እሷ ደግሞ ቀኑን አንድ ወር ወደፊት አድርጋ ቼክ ትፈርምላቸዋለች። ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ይጠብቃል። በስድስት ዓመት አንድ ቀንም አልተጓደለም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። ቶፊቅ የሚባል ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ውስጥ ለሚኖሩ የመንገድ ሥራ ሠራተኞች ምግብ ያቀርባል። ከረቢአ በየቀኑ አራት መቶ ዳቦ ይወስድና በሳምንት በሳምንት ይከፍላት ነበር። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሆነ፤ "ተቋራጩ አልከፈለኝም፣ ሲከፍለኝ ወዲያው ነው" ይላታል። ሰውየው አታላይ አይደለም፤ እውነትም አልተከፈለውም። እሷም ደንበኛ እንዳይርቃት ብላ መስጠቱን ቀጠለች። አምስተኛው ሳምንት ሲሞላ ቶፊቅ ላይ ያላት ገንዘብ መቶ ሠላሳ ሺህ ብር ደረሰ።

በሀጂ እጅ ያለው ቼክ ደግሞ የሁለት መቶ አሥር ሺህ ነው። ቀኑ ሰኞ። ባንክ ያላት ሰማንያ ሺህ ብቻ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የጠዋቱ ዳቦ አልቆ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ረቢአ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ ስልኳን አንስታ አስቀመጠች። ደግማ አንስታ አስቀመጠች። ደረቅ ቼክ የጻፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች። ባንኩ ይመልሰዋል፤ ባለቼኩ ከፈለገ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ግን የሚያስጨንቃት የሀጂ ፊት ነበር። "ረቢአም እንዲህ ሆነች?" ሲሉ ይታያታል።

"ደውዪላቸው እንጂ፤ አንድ ወር ጨምሩልኝ በያቸው" አላት በድሩ፣ ምድጃውን እየጠረገ።

"በወሩስ? ከየት አመጣለሁ?"

"ቶፊቅ ይከፍላል።"

"ባይከፍልስ?"

ረቢአ እስከዚያች ሰዓት ያሰበችው በድሩ ያለውን ነበር። ጥያቄውን ራሷ ጠይቃ ስትሰማው ግን፣ የቶፊቅን ቃል ተበድራ ለሀጂ ልትሰጥ እንደነበር ገባት። ደብተሯን ከፈተችና ቶፊቅን ከሒሳቡ አወጣችው። ለእሱ ዳቦ መስጠት ብታቆም፣ ለቀሪው ደንበኛ ብቻ ብትጋግር፣ ዱቄት፣ መብራት፣ ኪራይና ደመወዝ ተቀንሶ በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ይተርፋታል። ጨፋ ሜዳ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር በእኩል የምታደልበው ሰንጋ አላት፤ ቢሸጥ ድርሻዋ አርባ አምስት ሺህ አያጣም። ካላት ሰማንያ ሺህ ሃያው ለዱቄት መግዣ መቅረት አለበት፤ ያለዚያ ዳቦ ቤቱ ራሱ ይዘጋል። ስድሳ ሺህ አሁን፣ መቶ ሃምሳው በሦስት ወር፣ በየወሩ ሃምሳ። ሦስት ጊዜ ደምራ ሦስት ጊዜ ያው መጣ። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ብትናገር ውሸት ነው።

በማግስቱ ቶፊቅን ጠርታ ከእንግዲህ ዳቦ እጅ በእጅ ካልሆነ እንደማትሰጠው ነገረችው። አኮረፈ፤ ግን አልተከራከረም።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ያዘች። የጨፋ ማሽላ በግራም በቀኝም ቆሟል፤ ከብት መንገዱን እያቋረጠ ሹፌሩ ይቆማል፣ ይነዳል። ሌላ ጊዜ ይህን ሜዳ ማየት ደስ ይላታል። ያን ቀን እጇ ከቦርሳዋ አልተነሳም። የምትናገረውን እየደጋገመች ሐርቡ ከተማን መቼ እንዳለፉ አላወቀችም። ባለዕዳን ስለመታገስ መስጊድ የሚነገረውን ልታነሳ አሰበችና ተወችው። እሱን ማስታወስ የሀጂ ፋንታ ነው እንጂ የእኔ አይደለም አለች በልቧ። ብቻ "ያ ረብ፣ ፊቴን አታጥቁረው" አለች።

ሀጂ ሙሀመድኑር መጋዘኑ ደጃፍ ላይ በጆንያ ተደራርቦ የተከመረ ዱቄት አጠገብ ቆመው ጭነት ያስቆጥሩ ነበር። ልጃቸው ፊርደውስ ውስጥ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች፤ ሒሳቡን የምትይዘው እሷ ነች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሀጂ።"

"ወአለይኩም ሰላም። አካም ጅርታ፣ ረቢአ? ልጆቹ ደህና? ምነው ሳትደውዪ?"

"አልሐምዱሊላህ። በስልክ የሚባል አልሆን ብሎኝ ነው።"

ሀጂ ፊቷን አዩና ቆጠራውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ወንበር ሰጧት። ረቢአ ያጠናችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

"ሀጂ፣ የሰኞው ቼክ ገንዘብ የለውም" አለች።

ፊርደውስ መጻፏን አቆመች። ረቢአ ደብተሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የቶፊቅን ነገር ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ስድሳ ሺህ ብር ዛሬውኑ እንደምታስገባ፣ ቀሪውን ግን በሦስት ወር እንጂ ከዚያ ባነሰ እንደማትችል አስረዳች። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዩ።

"ከሌላ ሰው ዱቄት ገዝተሻል ይባላል" አሉ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይሉ።

ረቢአ ደነገጠች። ይህን ይሰማሉ ብላ አላሰበችም።

"እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት አምስት ኩንታል፣ እዚያው ከሚሴ፣ እጅ በእጅ ገዝቻለሁ። አንቱ ጋ ያለው ሳይከፈል ሌላ አምጡ ማለት አፍሬ ነው።"

"ነጋዴ እኮ የሚሸሸው መጀመሪያ እንዲህ አድርጎ ነው። ዕዳውን አንዱ ጋ ይተውና ጥሬ ገንዘቡን ለሌላ ይሰጣል።"

"አውቃለሁ። ጥፋቴ ነው።"

ከውጭ ጆንያ የሚወርድ ድምፅ ይሰማል። ሀጂ ደብተሩን ዘጉት።

"እኔም ከዕዳ ነጻ ሰው አይደለሁም" አሉ በመጨረሻ። "የዱቄት ፋብሪካው ለእኔ የሚሰጠኝ የመክፈያ ጊዜ አርባ አምስት ቀን ነው። ያንቺን ቼክ ይዤ ነው እኔም ቀጠሮ የሰጠሁት። ሁለት ወር። ሁለት ወር ከሆነ እንደምንም እችላለሁ። እሺ በይና እንጨርስ።"

እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ብትለው ወዲያው ተነስታ ትሄዳለች፤ ያ ሁሉ ጭንቀት ለዛሬ ያበቃል። ነገር ግን በሁለት ወር በየወሩ ሰባ አምስት ሺህ ማለት ነው፤ ከምታገኘው ጋር አይገጥምም።

"ሀጂ፣ እሺ ብል ዛሬ ደስ ይለን ነበር" አለች። "በሁለተኛው ወር ግን ወላሂ እንደገና እዚሁ ተቀምጬ ነው የሚያገኙኝ። ያኔ ደግሞ አያምኑኝም። የምችለው ይሄ ነው። ቶፊቅ ከከፈለኝ ቀኑን ሳልጠብቅ አመጣለሁ፤ እሱን ግን ቃል አልገባም፤ በእጄ የለም።"

ሀጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ፊርደውስ፣ ምን ትያለሽ?"

"የፋብሪካውን ከሌላ ሰብስበን መሸፈን እንችላለን" አለች ፊርደውስ፣ ቆጠብ ብላ። "ግን አባዬ፣ አዲስ ዱቄት በዱቤ አንስጣት። ይሄ እስኪያልቅ እጅ በእጅ ትግዛ። የምትገዛውም ከእኛ ይሁን።"

"ሰማሽ?" አሉ ሀጂ ወደ ረቢአ ዞረው። "ሦስት ወሩ ይሁን፤ እንዳለችው ከሆነ።"

"ሰምቻለሁ። ይገባል።"

"ደግሞ ወሩ ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ትደውያለሽ። ቢኖርሽም ባይኖርሽም። ከሰው አፍ አልስማ።"

ረቢአ ባንክ ሄዳ ስድሳ ሺውን በሀጂ ሒሳብ አስገብታ ደረሰኙን አመጣች። ከዚያ የሃምሳ ሃምሳ ሺህ ሦስት ቼክ ፈረመች፤ ፊርደውስ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀኖቹን ጽፋ ሁለቱን አስፈረመች። የድሮውን ቼክ ሀጂ ከመሳቢያ አውጥተው ለረቢአ ሰጧት። "እዚሁ ቅደጂው" አሏት። ቀደደችው። በስንብት ሰዓት ግን እንደ ሁልጊዜው በር ድረስ አልሸኟትም። ይህንን ሚኒባስ ውስጥ ስታስብ ነው የመጣችው።

ያ ሦስት ወር ቀላል አልነበረም። ዳቦ ቤቱ የሚጋግረው ቀነሰ። ቋሚ ሠራተኛ ማሰናበት ስለከበዳት የቀን ሠራተኛ መቅጠሯን ትታ ራሷ ሊጥ መጠቅለል ጀመረች። ዱቄት የምትገዛው ሦስት ሦስት ኩንታል እየሆነ የማመላለሻው ወጪ ጨመረ፤ ቢሆንም ከሀጂ ሌላ ሰው ዘንድ አልሄደችም። የመጀመሪያው ወር ቼክ ከቀኑ ሦስት ቀን ቀድሞ ገንዘቡ ተሟላለት፤ ጉድለቱን ከዕቁቧ ነበር የሞላችው።

በሁለተኛው ወር ሰንጋው ሊሸጥ ሲል አፉን አሞት ከሳ። ገበሬው ገበያ አላወጣውም። ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ረቢአ እንደተባለችው ደወለች።

"ሀጂ፣ ሠላሳ ሺህ አለኝ። ሃያው አልሞላም። በሬው ታሟል፤ አሥር ቀን ያህል እፈልጋለሁ።"

ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

"ሠላሳውን አስገቢ" አሉ ሀጂ። "ቼኩን ባንክ አላስገባውም፤ አሥር ቀን እጠብቃለሁ። በሬውን አሳክሙት፣ ከስቶ አትሽጡት። አብሽሪ፣ አይዞሽ።"

በሬው ዳነ፤ በዘጠነኛው ቀን ተሸጠ። እንደታሰበው አላወጣም፤ ለሃያው ግን በቃ፤ የተረፈውም ወደ ሦስተኛው ወር ዞረ። ቶፊቅም በመሃሉ ሰባ ሺህ ብር ከፈላት። ቀሪው ስድሳ ሺህ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ሲያገኛት በሌላ መንገድ ይዞራል። ያ ሰባ ሺህ የገባ ዕለት ረቢአ ቀኑን ሳትጠብቅ የመጨረሻውን ሃምሳ ሺህ ይዛ ኮምቦልቻ ሄደች።

ፊርደውስ ቼኩን መልሳ ወረቀቱ ላይ "ተጠናቋል" ብላ ጻፈች። ረቢአ የድሮው ሃያ አምስት ኩንታል ይመለስላት እንደሆነ ለመጠየቅ አፈረች። ሀጂ ግን ራሳቸው አነሱት።

"ለጊዜው አሥር ኩንታል በዱቤ እሰጥሻለሁ፣ በሃያ ቀን። ሌላውን እጅ በእጅ። ሁለታችንም እየተያየን እንሂድ።"

"ይበቃኛል" አለች ረቢአ፤ እውነትም በቃት።

አሥሩ ኩንታል በአንድ አይሱዙ ላይ ከሌላ ሰው ጭነት ጋር ተጫነ። ረቢአ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ወደ ከሚሴ ስትመለስ፣ ሃያው ቀን የትኛው ዕለት ላይ እንደሚውል በጣቷ ትቆጥር ነበር።