አንድ ወረቀት ብቻ

ጦርነቱ ያቋረጠውን ሴሚስተር ልንጨርስ ወልድያ ስንመለስ፣ የአፈር ሳይንስ መምህራችን "ፈተናው ላይ ማስታወሻ ማየት ይቻላል፤ ግን አንድ ወረቀት ብቻ!" አለን። የወረቀቱን መጠን አልተናገረም።

እኔና ከመርሳ ከተማ የመጣችው ጓደኛዬ ጠረጴዛ የሚያህል ወረቀት ለየራሳችን ገዛን። የሴሚስተሩን ትምህርት በየክፍሉ ጨምቀን ጻፍንበት፤ አጣጥፈን ጠርዙ ላይ ባለቀለም ምልክት ለጠፍን። አንዱን ነገር ሁለቴ ላለመጻፍም "ክፍል 4ን ተመልከት" እያልን አያያዝነው።

ፈተናው ላይ ስዘረጋው መምህሩ መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አንድ ወረቀት ነው፣ መምህር።"

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ክፍል 2ን ገለጠ። "አሲዳማ አፈርን ማከም፦ ክፍል 4ን ተመልከት" ይላል። ክፍል 4 ደግሞ "ክፍል 2ን ተመልከት" ይላል።

"ታዲያ ኖራው የት ገባ?" አለኝ።

ጓደኛዬ በሳቅ ፈነዳች። የፈተናው የመጀመሪያ ጥያቄ አሲዳማ አፈር በምን እንደሚታከም ነበርና፣ አመስግኜው "በኖራ" ብዬ ጻፍኩ።