ባዶ የቀረችው ዘጠነኛ ሳጥን

እትዬ መዝገብ ይሏታል። ፍርድ ቤት የሚልካቸው ወላጆች የልጅ አያያዝ በሚማሩበት አዳራሽ አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ይዛለች። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ናቸው። በየማክሰኞው ይመጣሉ፤ አሥራ ሁለቱን ትምህርት ሳያጎድሉ ከጨረሱ ልጃቸውን መልሰው መጠየቅ ይችላሉ።

አሠራሯ ቀላል ነበር። ለአንድ ሰው አንድ መስመር፣ አሥራ ሁለት ሳጥን። ለመጣ ምልክት፣ ለቀረ ዜሮ። የቀረው ሰው ያንኑ ትምህርት ሐሙስ ከሌላው ቡድን ጋር ካካካሰ፣ ቀኑ እዚያው ዜሮው ውስጥ ይጻፋል። ሳይመዘገብ ለአንድ ቀን ጎራ የሚል፣ አክስትም ይሁን ጎረቤት፣ ኋላ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ የሱ መምጣት ለማንም አይቆጠርም። የሐሙሱ አስተማሪ ግን ዝርዝሩ ላይ ያላገኘውን ሁሉ ኋላ ገጽ ላይ ይከምራል። ዓርብ ጠዋት እትዬ መዝገብ ያንን ትለቅማለች፤ ማካካሻውን ወደ ባለቤቱ መስመር ትመልሳለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አላመሰገናትም።

ከወላጆቹ አንዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አራተኛውንና ዘጠነኛውን ማክሰኞ ቀረ፤ አለቃው አልለቀውም። ሁለቱንም ሐሙስ መጥቶ፣ ዱቄቱ ከቅንድቡ ሳይራገፍ ተማረ። አራተኛው ተመለሰለት። በዘጠነኛው ሳምንት ዓርብ ግን ኃላፊው እንግዳ ይመጣል ብሎ እትዬ መዝገብን ወንበር ሲያስወለውላት ዋለ። እንግዳው አልመጣም፤ ኋላ ገጹም ሳይለቀም ቀረ።

ሪፖርቱ ከሳጥኖቹ ተቆጥሮ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፦ አሥራ አንድ። ዳኛዋ የምታየው ቁጥር ነው። የጋጋሪው ልጅ ለስድስት ወር ባለችበት ትቆይ ተባለ።

ጋጋሪው ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ ያን ሐሙስ እርስዎ ራስዎ በር ላይ ሲያገኙኝ ‹ዛሬም ዱቄትህን ተቀብተህ መጣህ?› ብለው ስቀውብኝ ነበር እኮ።»

አስታወሰች። ኋላ ገጹን ገለጠች፤ ስሙ ከአንዲት አክስት ስም በታች ቁጭ ብሏል። ቀኑን ዜሮው ውስጥ ጻፈች። ማን ሊያየው?

ኃላፊው ዘንድ ገባች። «ማረሚያ እንጻፍ።»

«የወጣ ሪፖርት አይመለስም። አንዱን ካረምን ሌላውን ማን ያምነናል?»

«ያጎደልኩት እኔ ነኝ። በኔ ስም ይጻፍ።»

«አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ፣ እትዬ።»

የቢሮ ስም እንዳይጎድፍ የሰው ልጅ ባዳ ቤት ትደር ማለት ነው ይሄ። ሌላ ትርጉም ካለው ይንገሩኝ።

መዝገቡን በብብቷ ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። ጸሐፊው ቅጂ ወሰደና ቀና ሳይል፣ «ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይያያዛል» አላት። ቀጠሮው ያው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አዲስ ዙር ተጀመረ፤ አዲስ ስሞች፣ አዲስ ሳጥኖች። ጋጋሪው በር ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ አንተ ጨርሰህ የለም እንዴ?»

«መምጣት አቆመ እንዳይሉኝ ነው። የት ልፈርም?»

ለሱ የሚሆን መስመር አልነበረም። እትዬ መዝገብ ኋላ ገጹን ገለጠችለት።