በአንድ ዋስ ሁለት ማመልከቻ

ሶሌን በምዕራብ ፈረንሳይ ያለችው የፖንቲቪ ከተማ ልጅ ናት። በሐምሌ መጀመሪያ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሬን ከተማ ነርስነት ለመማር ማለፏን ሰማች። ደስታዋ ግን ሳምንት አልሞላም። ሬን ውስጥ ለተማሪ የሚሆን ክፍል ጠዋት ማስታወቂያው ከወጣ ከሰዓት የለም፤ አከራይ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገቢ ነው። ሶሌን ገቢ የላትም። እናቷ ጋይድ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች የምትረዳ፣ ግማሽ ቀን የምትሠራ ሴት ናት። ደመወዟ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ስለማይሞላ ዋስ ልሁን ብትል የሚቀበላት አይኖርም። አባቷንማ መልኩን እንኳ አታውቀውም።

«ምን ያስጨንቅሻል? እኔ አለሁ አይደል?» አላት አንድ እሑድ ምሳ ላይ አጎቷ ታንጊ።

ታንጊ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ የሶሌንም የክርስትና አባት ነው። በወተት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ በቋሚነት ሲሠራ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የራሱ ልጅ ኤኖራም በዚያው መስከረም ሬን ሕግ ልትማር ነበር፤ እሷ ግን የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል ይደርሰኛል ብላ ተዝናንታለች። ታንጊ በማግስቱ መታወቂያውን፣ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀቱን፣ የግብር ወረቀቱን አንድ ላይ አድርጎ ላከላት።

ሶሌን ለሃያ ሦስት ቤት ጻፈች። «ጨዋ ተማሪ ነኝ፣ ቤትዎን በጣም ወድጄዋለሁ» እያለች። አንድም መልስ የለም። በኋላ እንደገባት፣ ገቢ እንደሌላት መጨረሻ ላይ ሸሸግ አድርጋ ነበር የምትጽፈው፤ አንባቢው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ስለዚህ ሃያ አራተኛውን እንዲህ ብላ ጀመረች፦

«ማዳም፣ ስለ ባለ አንድ ክፍሉ ቤት፣ ስለ ስቱዲዮው ነው የምጽፍልዎ። ተማሪ ነኝ፤ የራሴ ገቢ የለኝም። ዋሴ አጎቴ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ ነው፣ ደመወዙም ከኪራዩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ የእሱም የእኔም ወረቀት ተሟልቶ ተዘጋጅቷል። ከመስከረም ጀምሮ ለሦስት ዓመት ነርስነት እማራለሁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የታመመች አያቴን እያስታመምኩ ከእሷ ጋር ስለኖርኩ፣ በጸጥታ መኖርና ቤት በንጽሕና መያዝ ለምጃለሁ። በፈቀዱት ቀን መጥቼ ልየው።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ፤ «ሐሙስ በአሥር ሰዓት ነይ» የሚል። ሶሌን የጻፈችውን መልእክት ከቤቱ አድራሻ ጋር ለታንጊ ላከችለት። «ስለ አንተ የጻፍኩት ትክክል ካልሆነ አርመኝ» አለችው። «አንደኛ ነሽ!» ብሎ መለሰላት።

አከራይዋ ማዳም ፕሪጀንት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ስቱዲዮውን አሳይተው፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ።

«አርባ ሰው ጽፎልኛል፤ ገቢ የለኝም ብላ የጀመረች አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ደግሞ የሚያዞረኝን ሰው አልወድም። አጎትሽ የዋስትናውን ሰነድ ይፈርምና ሰኞ እንጨርሳለን» አሏት።

ሶሌን ባቡር ላይ ሆና መጋረጃ መምረጥ ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ማዳም ፕሪጀንት ነበሩ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ልጄ፣ ኤኖራ የምትባል ታውቂያለሽ?»

«የአጎቴ ልጅ ናት። ምነው?»

«ትናንት አመለከተች። ዋሷ ያው ሰው ነው፣ የደመወዝ ወረቀቱም ያው። መልእክቱ ደግሞ… ላንብብልሽ? ‹የታመመች አያቴን እያስታመምኩ ከእሷ ጋር ስለኖርኩ…›»

ኤኖራ አያታቸውን ለማየት የምትመጣው ለገና ነበር፤ ያውም ስልኳን እያየች ሰዓቱን ገፍታ ነው የምትሄደው። እስክታርፍ ድረስ ማታ ማታ ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት ሶሌን ናት።

«ያ የኔ ነው ማዳም። የጻፍኩትም እኔ፣ የኖርኩትም እኔ።»

«ገምቻለሁ። ለሰውየው ደውዬ ጠየቅኩት፤ ለሁለት መፈረም አልችልም፣ የምፈርመው ለልጄ ነው አለኝ። አንቺን ደግሞ… ትምህርቱን ትጨርሳለች ብዬ አላምንም አለ።»

«መንግሥት ለወጣቶች በነጻ የሚሰጠው ዋስትና አለ፤ እሱን ላመጣልዎ እችላለሁ!»

«እሱን አላውቀውም። እኔ የማገኘው ሰው ነው የምፈልገው። ደብዳቤዋን ባልወደውም የእሷ ወረቀት ሙሉ ነው ልጄ። አዝናለሁ።»

ታንጊ ቤት ስትደርስ ግቢው ውስጥ መኪናውን ያጥብ ነበር። ቧንቧውን ሳይዘጋ ቀና አለ።

«አወቅሽ?»

«በስልክ ሰማሁ። ከሰው አፍ!»

«ማደሪያው ለኤኖራ ሳይደርሳት ቀረ። ምን ላድርግ? ልጄ ናት እኮ።»

«ቆይ፣ ‹ኤኖራ ትቅደም› ብትለኝ እምቢ እል ነበር? ሌላ ዋስ እፈልግ ነበር። አንተ ግን ቤቴን ወሰድክ፣ ደብዳቤዬን ሰጠሃት፣ በላዩ ላይ አትጨርስም አልክ።»

«ሴትዮዋ ስታጣድፈኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ምን ታካብጃለሽ?»

«አያቴንስ? ኤኖራን የአያቴ አስታማሚ አድርጎ የጻፈው ማን ነው?»

ታንጊ ጎማው ላይ ውሃ ማርከፍከፉን ቀጠለ። ኤኖራ ከፎቅ መስኮት ብቅ አለችና ወዲያው ተመለሰች።

«እናትሽን ጠይቂ፤ ለኤኖራ እንደምፈርም ረቡዕ ነግሬያታለሁ» አለ በመጨረሻ።

ረቡዕ። ሶሌን ስቱዲዮውን ያየችው ሐሙስ ነው። ማለትም እናቷ ሸሚዟን ተኩሳ፣ «ቀንቶሽ ተመለሺ» ብላ ባቡር ጣቢያ የሸኘቻት ሁሉን እያወቀች ነው።

ጋይድ አልካደችም። ጠረጴዛው ላይ ድንች እየላጠች፣ «ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ነበር። ደግሞ ወንድሜ ነው፣ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?» አለች።

«እኔስ?»

ጋይድ ሌላ ድንች አነሣች። ሶሌንም ሁለተኛ አልጠየቀችም። አጎቷን ያደረገውን እያነሣች ልትሰድበው ትችል ነበር፤ እናቷ ሁሉን እያወቀች ሸሚዟን መተኮሷን ግን ምን እንደምትለው አላወቀችም።

በዚያው ቀን ለመንግሥቱ ዋስትና በኢንተርኔት አመለከተች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማረጋገጫው በኢሜይል መጣ። አዲስ መልእክትም ጻፈች። አጎቷን ሰረዘች። የአያቷንም ነገር ሰረዘች፤ አሁን ሲነበብ የሌላ ሰው ይመስላት ነበር። የቀረው ስድስት መስመር ነው፦ ተማሪ ነኝ፣ ገቢ የለኝም፣ ዋሴ መንግሥት ነው፣ አከራዩን ምንም አያስከፍልም፣ ኪራይ ቢስተጓጎል ለእርስዎ ከፍሎ እኔን ይጠይቃል፣ ማረጋገጫው ከዚህ ጋር ተያይዟል።

አሥራ ሰባት ሰው ሳይመልስላት ቀረ፤ ሁለቱ «ዘመድ የለሽም ወይ?» ብለው ጠየቋት። «የለኝም» ብላ ጻፈችላቸው። በነሐሴ መጨረሻ፣ ከሬን ወጣ ብላ ባለችው በብሩዝ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል አከራያት። እሱ ስለዚህ ዋስትና ያውቃል፤ ከእሷ በፊት የነበረው ተማሪም በእሱ ነበር የገባው። ወደ ትምህርት ቤቷ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ክፍሏም በጋጋሪው ምድጃ ምክንያት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይሞቃል።

የምትሄድበት ቀን ጋይድ፣ «ታንጊ በመኪናው ያድርስሽ? ጠይቂልኝ ያለኝ ራሱ ነው» አለቻት።

«በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«እኔስ ልምጣ?»

ሶሌን ሁለቱን ሻንጣ አነሣች። «አድራሻውን ሌላ ጊዜ እልክልሻለሁ» አለችና ወጣች። የላከችው በኅዳር ነው።