ሚስቱን የተከተለው መምህር

መምህር ሰርክአዲስ ቆሞ የሚያልም ሰው ነበር። ሰሌዳው ላይ «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ይጽፍና ጠመኔውን እንደያዘ በመስኮቱ ወደ ጊዮርጊስ ዛፎች ያያል። ተማሪዎቹ መልሱን ተናግረው፣ ተጨቃጭቀው፣ ደክሟቸው ዝም ሲሉ እሱ ገና ከዛፎቹ አልተመለሰም። ስሙ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚስማማ ነው። ክፋቱ ሴትም ወንድም የሚጠራበት መሆኑ ነው። እናቱ ልጇ ሰርክ አዲስ ነገር እንዲያይ ብላ አወጣችለት እንጂ አንድ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሚያነበው አላሰበችም።

ሚስቱ ወርቅአፈራሁ ትባላለች። ይህም ስም ያው ነው፣ ሴት ናት ወይስ ወንድ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ አይሰጥም። የምትሠራው የአየር ጠባይ በሚጠናበት መሥሪያ ቤት ነው። የተገናኙት ፒያሳ ውስጥ፣ አንድ ወርቅ ቤት በረንዳ ላይ ዝናብ ሰብስቧቸው ነው። የተጠለለው ሰው ሁሉ ሰማዩን ይረግማል፤ እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ደመናውን እንደ ዘመድ ታየዋለች።

«አሁን ያባራል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

«እንዴት አወቁ?» አላት አጠገቧ የቆመው ሰርክአዲስ።

ልታስረዳው ጀመረች። ስታስረዳው ዝናቡ አባራ፣ ሰው ሁሉ በየፊናው ሄደ፣ ሁለቱ ግን በረንዳው ላይ ቀሩ። ሰርክአዲስ ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረውን ሰማይ የሚያነብ ሰው አገኘ። ከተጋቡም በኋላ ማታ ማታ ደጃፍ ወጥተው ይቆማሉ። እሱ ደመናውን ግመል ነው፣ መርከብ ነው ይላል፤ እሷ ደግሞ ነገ የሚያመጣውን ትነግረዋለች።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሊገባ ሲል ወርቅአፈራሁ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ሌኒንግራድ እንድትሄድ ተመረጠች። የመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ «ጓድ ወርቅአፈራሁ» ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ጓድ ነበር።

ሰርክአዲስ ደብዳቤውን አንብቦ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ያለ እሷ አንድ ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ ሊያስብ ሞከረና አልሆነለትም። ማታ ደጃፍ ብቻውን ወጥቶ ደመናውን ግመል ነው ቢል ማን ይሰማዋል?

«እኔም ልምጣ» አላት።

ወርቅአፈራሁ ሳቀችና፣ እንደማይቀልድ ስታይ ሳቋን ተወችው። «እዚያ ባለትዳር ለሆኑ ክፍል እንደሚሰጡ ጠይቄያለሁ» አለች ቀስ ብላ። እሷም አስባው ኖሯል። የቀረው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ነው።

ሰርክአዲስ ማመልከቻውን ለመጻፍ ተቀመጠ። የሌላውን ሰው ሁሉ ማመልከቻ የሚያርም መምህር የራሱ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ጠጠረበት። መጀመሪያ «ሚስቴን ተከትዬ» ብሎ ጻፈ። አነበበውና ጆሮው ጋለ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ታየው፤ ሻይ እየጠጡ «ሚስቱን ተከትሎ!» የሚሉት ታዩት። ቀደደው። ብዙ ወረቀት ካበላሸ በኋላ እንዲህ ሲል ወጣለት፦ «ባለቤቴ በመንግሥት ተመርጠው ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ፣ አብሬያቸው እሆን ዘንድ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» እጅግ አምሮ ታየው። ባለቤት ወንድም ሴትም ነው፤ አንቱታም ወንድና ሴት አይለይም። የደበቀው ነገር እንዳለ ለራሱ እንኳ አልነገረውም፣ አክብሮት ነው አለ።

ዳይሬክተሩ ጋሽ ካሳዬ የሰርክአዲስን አባት የሚያውቁ፣ መቆጣት የማይችሉበት ሽማግሌ ናቸው። ማመልከቻውን ከወርቅአፈራሁ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጋር አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጽሑፍህ እንደ ቅኔ ነው፣ ልጄ። መቼም ይገባቸዋል» አሉት። ሸኚ ደብዳቤ ጻፉለት፤ «መምህር ሰርክአዲስ» አሉ፣ መምህር የሚለውም ቃል እንግዲህ ለሁሉም ነው። ወረቀቶቹ ወደ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጣቸው፣ ኃላፊው ዳር ላይ ምሪት ጻፈባቸው፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

ክረምቱ ገባ። ትምህርት ተዘግቷልና ሰርክአዲስ ፒያሳን በጭጋግ ውስጥ ይዞራል። ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ሲወርድ የሚያየው ቸርችል ጎዳና አይደለም፣ ወንዝ ነው፤ መርከቦች ይሄዱበታል። ወርቅአፈራሁ በዚያ አገር በበጋ ሌሊቱ አይጨልምም ብላዋለች። ይህን ነገር ከነገረችው ጀምሮ ማኪያቶ ይዞ ባንኮኒው ላይ በተደገፈ ቁጥር የማይጨልም ሌሊት ውስጥ ይገባል፤ ከእሷ ጋር በድልድይ ላይ ይሄዳሉ፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ ሰማዩ ግን ነጭ ነው። ድልድዩን ሲያስበው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይመስለዋል፣ ሌላ ድልድይ ስለማያውቅ። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። አስተናጋጁ «መምህር፣ ተመለሱ እንጂ» ይለዋል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መልሱ መጣ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቆንጅት ቤቱ ድረስ ሰው ላከችበት። እየሮጠ ሄዶ ጋሽ ካሳዬ ቢሮ ሲገባ ሽማግሌው በመሀረብ ዓይናቸውን ያብሳሉ። ያለቀሱ መሰለው። ለካ ሲስቁ ኖሯል።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ለወይዘሮ ሰርክአዲስ። ባለቤትዎን አቶ ወርቅአፈራሁን ተከትለው እንዲሄዱ የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የተሰጠዎ መሆኑን እናስታውቃለን።» ከታች መፈክሩ፣ ማኅተሙና ፊርማው፣ አንድም የጎደለ የለም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉት ጋሽ ካሳዬ፣ እንደገና ሳቅ እየጀመራቸው።

ሰርክአዲስ አልሳቀም። የመውጫ ቪዛ የሚጠየቀው በዚህ ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ በሚል ደብዳቤ ሱሪ የለበሰ ሰው ኢሚግሬሽን ቢቀርብ የሚገባበትን ያውቃል። ይታረም ብሎ ቢመልሰው ደግሞ ኃላፊዎቹ ነገሩን እንደ አዲስ ያዩታል፣ ፈቃዱም ሊቀር ይችላል። ቆንጅት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይዘሮ» የሚለውን በምላጭ ፍቃ «አቶ» ልትመታበት እንደምትችል ነገረችው። ለአፍታ ተመኘው። ጋሽ ካሳዬ ግን ሳቃቸው ቀጥ አለ። «በማኅተም ላይ ምላጭ? በዚህ ዘመን? እንዳትሞክሩት!» አሉ።

ማታ ደብዳቤውን ለወርቅአፈራሁ አሳያት። አብራው ትስቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን የማመልከቻውን ግልባጭ አምጣ አለችው፤ አነበበችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«እነሱ ምን አጠፉ?» አለች። «አንተ ነህ የደበቅከኝ።»

«አክብሬሽ ነው እኮ፣ አንቱ ብዬ...»

«አታክብረኝ። እዚህ ቤት ውስጥ አንቺ ነኝ፣ ሚስትህ ነኝ። ልጆቹን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው እያልክ ታስጨንቃቸዋለህ። ይኸው፣ የራስህን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማንም አላወቃትም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔን መከተል የሚያሳፍርህ ከሆነ ቅር፣ ሰርኬ። እዚያ ሄደህ ከምታፍርብኝ እዚህ ሆነህ ብትናፍቀኝ ይሻለኛል።»

እንቅልፍ አልወሰደውም። በሕልሙ የሚሄድባት ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ነበረች።

በማግስቱ ጋሽ ካሳዬ ብቻህን አትሄድም ብለው አብረውት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ጓድ ገዛኸኝ ይባላሉ፤ ክፍላቸው ውስጥ ጸሐፊዎችና ወረፋ የሚጠብቁ መምህራን ሞልተዋል። ጓድ ገዛኸኝ ደብዳቤውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ እንደገና ደብዳቤውን አዩ።

«ወይዘሮ ሰርክአዲስ እርስዎ ነዎት?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰርክአዲስ ጆሮው ጋለ፣ ማመልከቻውን እንደጻፈበት ዕለት። ፎቅ ላይ ቆሞ ወደ ታች እንደሚያይ ሰው ራሱ ዞረበት።

«ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሚስቴ ናት የምትማረው። ሚስቴን ተከትዬ መሄድ እፈልጋለሁ።»

አንዱ ከኋላ «ወይ ጊዜ!» አለ። ሌላው ሳቀ። ሰርክአዲስ ዞሮ አላየም። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ያን ያህል ከባድ አለመሆኑ ገርሞት ነበር።

ጓድ ገዛኸኝ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሚስት ባሏን ተከትላ ስትሄድ መዝገቡ ሙሉ ነው። ባል ሚስቱን ሲከተል አላየሁም» አሉ። «የሚከለክል መመሪያም አላየሁም። ግን ሁለታችሁም ወጥታችሁ ብትቀሩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማን ዋስ ይሆንዎታል?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ካሳዬ፣ ሳይጠየቁ። «ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ቆሞም ሩቅ አገር ሲሄድ ነው የኖረው። ሁልጊዜ ይመለሳል።»

ጓድ ገዛኸኝ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ነጭ ወረቀት ወደ ሰርክአዲስ ገፉለት። «እንግዲያው እንደገና ይጻፉ። እንደ ቅኔ ሳይሆን፣ እንደ ተናገሩት።»

እዚያው ቆሞ ጻፈው፤ አንድም ወረቀት አላበላሸም።

የታረመው ደብዳቤ የደረሰው ወርቅአፈራሁ ሻንጣዋን መሸከፍ ከጀመረች በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ሚስት የሚለውን ቃል አይወድም፤ ጓድ ገዛኸኝ ግን ከማመልከቻው ላይ እንዳለ ገልብጠውት ነበር፦ «አቶ ሰርክአዲስ ሚስታቸውን ተከትለው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል።» መምህራኑ እንደፈራው አሾፉበት፣ ሻይ እየጠጡ። ሻይ ጋበዛቸው።

ቦሌ ሜዳው ላይ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ ንፋስ ነበር፣ ደመናውም ዝቅ ብሏል። ወርቅአፈራሁ ፊት ፊት ትሄዳለች። መለስ ስትል ባሏ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሰማዩን የሚያይ መስሏት ቆመች። እሱ ግን ያን ዕለት የሚያየው እሷን ነበር።

«ና እንጂ፣ አጠገቤ ሁን» አለችው።

«አይሆንም» አለ ሰርክአዲስ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጹን ከፍ አድርጎ። «የተፈቀደልኝ ሚስቴን መከተል ነው።»